የቃል ትርጉም በቁጥር፦ ቆጠራ፣ ቋሚ ቬክተር፣ አውዳዊ ቬክተር ወይስ ሎጂክ?

የአማርኛ ቃላትን ትርጉም በኮምፒውተር ማጥናት የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ፕሮግራም ነው። ወርድቱቬክ ይሻላል ወይስ ፋስትቴክስት? ወይስ እንደ በርት ያለ ትልቅ ሞዴል? ከእነዚህ ስሞች ጀርባ ግን «ትርጉም ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ የተሰጠ መልስ አለ። ፕሮግራሙን ስትመርጡ መልሱንም አብራችሁ ትመርጣላችሁ። ችግሩ ብዙዎቻችን ይህን የምናውቀው ሥራው ካለቀ በኋላ መሆኑ ነው።

ይህ መመሪያ የመመረቂያ ጽሑፍ ለሚሠራ፣ መዝገበ ቃላት ለሚያዘጋጅ ወይም የአማርኛ ጽሑፍ ፍለጋ ለሚገነባ ሰው ነው። አራት አማራጮችን አነጻጽራለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መሠረቱ፦ ቃል በአካባቢው

ይህን ዓረፍተ ነገር አንብቡ። «እናቱ ድርፎ ስትጠምቅ ጌሾ አነሳት።» ቀጥሎ ደግሞ ይህን። «ሁለት ብርሌ ድርፎ ጠጥቶ እየተንገዳገደ ገባ።» ድርፎ የሚባል ነገር የለም፤ ቃሉን እኔ ነኝ የፈጠርኩት። እናንተ ግን የሚጠጣና የሚያሰክር ነገር መሆኑን ወዲያው አወቃችሁ። ማንም አላሳያችሁም፣ ማንም አልተረጎመላችሁም። ያወቃችሁት «ጠመቀ»፣ «ጌሾ» እና «ብርሌ» አብረውት ስላሉ ነው።

አሜሪካዊው የሥነ ልሳን ሊቅ ዜሊግ ሃሪስ በ1954 ይህን ሐሳብ በሥርዓት ጻፈው። ሁለት ቃላት በትርጉም ይበልጥ ሲለያዩ የሚገኙበት አካባቢም ይበልጥ ይለያያል አለ። እንግሊዛዊው ጆን ፈርዝ በ1957 ቃልን አብረውት ከሚውሉት ቃላት ታውቀዋለህ ሲል የተናገረውም ዛሬ ድረስ ይጠቀሳል። የቃል ቬክተር ወይም ኢምቤዲንግ የሚባለው ነገር ሁሉ የተገነባው በዚህ ላይ ነው። የቃሉ አካባቢ ወደ ቁጥሮች ዝርዝር ይለወጣል። ዝርዝሮቻቸው የሚቀራረቡ ቃላት በትርጉምም ይቀራረባሉ ተብሎ ይታሰባል።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት መያዝ ይኖርብናል። ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ሌንቺ በ2008 የጻፈው ነው። ሐሳቡ ሁለት መልክ አለው፣ ለዘብተኛና ጠንካራ። ለዘብተኛው የቃሉ አካባቢ የትርጉሙ ምልክት ነው ይላል። ትርጉሙ ሌላ ቦታ ቢኖርም ምልክቱን አይተን ስለ እሱ መገመት እንችላለን። ጠንካራው ከዚህ አልፎ ይሄዳል። ሰው ቃላቱን በተለያየ አካባቢ ደጋግሞ ሲያገኝ፣ ያ ስርጭት ራሱ በአእምሮው ውስጥ ትርጉሙን ይቀርጸዋል ይላል። እኔ ለዘብተኛውን ነው የምይዘው። ምክንያቱን ወደ ታች እደርስበታለሁ። እናንተ ግን ሥራችሁ የትኛውን እንደሚፈልግ ከወዲሁ ወስኑ። ለመዝገበ ቃላት ለዘብተኛው ይበቃል። «ልጆች ትርጉም የሚማሩት እንዲህ ነው» ልትሉ ከሆነ ግን ጠንካራውን ማስረዳት ይጠበቅባችኋል።

አንደኛው አማራጭ፦ ቆጠራ

ትልቁ ጥቅሙ ሁሉም ነገር የሚታይ መሆኑ ነው። አንድ ቃል ትወስዳላችሁ፣ በግራና በቀኙ ያሉትን ቃላት ትቆጥራላችሁ። ጥሬው ቁጥር ግን ያታልላል። በትንሽ ምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ።

የጽሑፍ ክምችታችን 10,000 የቃልና የጎረቤት ጥንዶች አሉት እንበል። «ቡና» በ100 ጥንዶች ውስጥ አለ። «ጠጣ» በ50፣ «ነው» ደግሞ በ1,000 ጥንዶች በጎረቤትነት መጥተዋል። «ቡና» ከ«ጠጣ» ጋር 10 ጊዜ፣ ከ«ነው» ጋርም 10 ጊዜ ተገናኝቷል። ጥሬውን ካየን ሁለቱ እኩል ናቸው። አሁን በአጋጣሚ ብቻ ቢሆን ስንት ጊዜ ይገናኙ ነበር ብለን እንጠይቅ። ለ«ጠጣ» 100 በ50 ተባዝቶ ለ10,000 ሲካፈል 0.5 ነው። ለ«ነው» 100 በ1,000 ተባዝቶ ለ10,000 ሲካፈል 10 ነው። ስለዚህ «ቡና» እና «ጠጣ» ከሚጠበቀው 20 እጥፍ ተገናኝተዋል። «ቡና» እና «ነው» ደግሞ ልክ በሚጠበቀው መጠን። የእነዚህ ሎጋሪዝም በመሠረት 2 ሲወሰድ የመጀመሪያው 4.3 ገደማ፣ ሁለተኛው 0 ይሆናል። ይህ መለኪያ ፒኤምአይ ይባላል። «ነው» ስለ ቡና ምንም አይነግረንም፣ «ጠጣ» ግን ይነግረናል። ስሌቱም ይህንኑ አወጣው።

የት ይበላሻል? ብርቅ ቃላት ላይ። በክምችቱ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ የመጣ፣ ያውም በፊደል ስህተት የተጻፈ ቃል ከ«ቡና» ጎን ቢገኝ የሚጠበቀው 0.01 ነው። ውጤቱ 100 እጥፍ ይሆናል። ሎጋሪዝሙ 6.6፣ ከ«ጠጣ» የሚበልጥ። የጎረቤት ዝርዝራችሁ አናት ላይ የማታውቋቸው ስሞችና የተሳሳቱ ፊደሎች ከተደረደሩ ምክንያቱ ይኸው ነው። ከአምስት ወይም ከአሥር ጊዜ በታች የመጡትን ቃላት ጣሉና እንደገና አስሉ።

ሌላው ውሳኔ የመስኮቱ ስፋት ነው፤ ማለትም በግራና በቀኝ ስንት ቃል ድረስ እንቆጥራለን የሚለው። ብዙ ሰው ፕሮግራሙ የሰጠውን ቁጥር እንዳለ ይተወዋል። እዚህ ግን ስለ ትርጉም እየወሰናችሁ ነው። መስኮቱ ሲሰፋ ቃሉ ወደ ርዕሰ ጉዳዩ ይጠጋል፤ «ቡና» ወደ «ጀበና»፣ «ስኒ»፣ «ረከቦት»። ሲጠብ ደግሞ በቦታው ሊተኩ ወደሚችሉት ይጠጋል፤ ወደ «ሻይ» እና «ወተት»። ቡናና ስኒ ይዛመዳሉ እንጂ አይመሳሰሉም። ቡናና ሻይ ይመሳሰላሉ። በእንግሊዝኛ ይህን ልዩነት ለመፈተን ሲምሌክስ 999 የተባለ የቃል ጥንዶች ዝርዝር ተዘጋጅቷል። «ተመሳሳይ ቃላት አገኘሁ» ከማለታችሁ በፊት የትኛውን ማለታችሁ እንደሆነ ለዩ። መዝገበ ቃላት ጠባቡን፣ ፍለጋ ሰፊውን ይፈልጋል።

ሁለተኛው አማራጭ፦ ቋሚ ቬክተር

ወርድቱቬክ በ2013 ከጉግል ሲወጣ ዓለም ጉድ አለ። እዚህ ቆጠራ የለም። ሞዴሉ ጎረቤት ቃላትን እንዲገምት ይሠለጥናል፣ እየገመተ ለእያንዳንዱ ቃል አንድ መቶ ወይም ሦስት መቶ ቁጥሮች ያበጃል። አዲስ የትርጉም ንድፈ ሐሳብ የመጣ መስሎ ነበር። በ2014 ኦመር ሌቪና ዮአቭ ጎልድበርግ ግን ስሌቱን ፈትተው አሳዩ። ከወርድቱቬክ ዋና ስልቶች አንዱ በውስጡ የሚያደርገው ከላይ ያየነውን የፒኤምአይ ሠንጠረዥ አንድ ቋሚ ቁጥር ቀንሶ መጭመቅ ነው። ስለዚህ በንድፈ ሐሳብ ደረጃ አንደኛውና ሁለተኛው አማራጭ አንድ ናቸው። ልዩነታቸው የአሠራር ነው። ቬክተሩ ትንሽና ፈጣን ነው፣ ቆጠራው ግን «ለምን ተቀራረቡ?» ሲባል ጣት ቀስሮ ማሳየት ይችላል። ፈታኝ ፊት ቀርባችሁ ማስረዳት ካለባችሁ ቆጠራውን ይዛችሁ ግቡ።

ስለ ታዋቂው ስሌትም አንድ ነገር ልበል። «ንጉሥ ሲቀነስ ወንድ ሲደመር ሴት ይሆናል ንግሥት» የሚለውን ሳትሰሙ አትቀሩም። አስደናቂ ነው፤ ግን ያልተነገረ ነገር አለው። በተለመደው አሠራር ፕሮግራሙ መልስ ሲፈልግ የጥያቄውን ሦስት ቃላት ከእጩነት ያስወጣቸዋል። ካላስወጣቸው ብዙ ጊዜ ከሁሉም የሚቀርበው ራሱ «ንጉሥ» ይሆናል። ታል ሊንዘን በ2016 ይህን ችግር በዝርዝር አሳይቷል። እንግዲህ ይህ ስሌት ብቻውን ቬክተሩ ፆታን «ያውቃል» ለማለት አያበቃም።

አማርኛ ላይ ከዚህ የከበደ ጉዳይ አለ። «ቤት» የሚለውን ቃል እናስብ። «በቤቱ»፣ «ከቤታችን»፣ «የቤቶቹ»፤ ለወርድቱቬክ እነዚህ ምንም የማይተዋወቁ ሦስት ቃላት ናቸው። እያንዳንዱ ብርቅ ስለሚሆን ቬክተሩ ደካማ ይሆናል። ፋስትቴክስት ይህን ለመፍታት ቃሉን ወደ ፊደል ቁራጮች ይከፍለዋል፣ ከዚያ የቁራጮቹን ቬክተሮች ያዋህዳል። ጥሩ ሐሳብ ነው። የቁራጩ ርዝመት ግን የተለመደው እንደ ላቲን ላሉ ፊደላት ነው። በ157 ቋንቋዎች የተለቀቁት ዝግጁ ቬክተሮች፣ የአማርኛውን `cc.am.300` ጨምሮ፣ የሠለጠኑት ባለ አምስት ፊደል ቁራጭ ነው።

አምስት ፊደል በእንግሊዝኛ ትንሽ ነው፣ በአማርኛ ግን ሙሉ ቃል ነው። ፕሮግራሙ በቃሉ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ምልክት ይጨምራል። «መጣ» ከምልክቶቹ ጋር `<መጣ>`፣ አራት ብቻ። አንድም ባለ አምስት ቁራጭ አይወጣውም። «አልመጣም» ደግሞ `<አልመጣም>` ሆኖ ሦስት ቁራጭ ይሰጣል፤ `<አልመጣ`፣ `አልመጣም` እና `ልመጣም>`። ሁለቱ ቃላት የሚጋሩት ቁራጭ የለም። ዝምድናቸው ለሞዴሉ አይታይም። የራሳችሁን ሞዴል ካሠለጠናችሁ ዝቅተኛውን ርዝመት ወደ 2 አውርዱት።

```
fasttext skipgram -input amh.txt -output amh -minn 2 -maxn 4 -ws 2
```

`-ws` የመስኮቱ ስፋት ነው። አሁን «መጣ» የሚለው ቁራጭ በሁለቱም ውስጥ ይገኛል። የቅጥያው ችግር ቀለል ይላል። የሥሩ ግን አይቀልም። «ሰበረ» እና «ስብራት» ሥራቸው አንድ ነው። ፊደል በፊደል አስተያዩአቸው፦ ሰ፣ በ፣ ረ በአንድ በኩል፤ ስ፣ ብ፣ ራ፣ ት በሌላ በኩል። አንድም የጋራ ፊደል የለም። አማርኛ ተነባቢውን ይዞ አናባቢውን ስለሚለዋውጥና ፊደላችን ሁለቱን አዋህዶ ስለሚጽፍ፣ ቁራጩን የቱንም ያህል ብታሳጥሩት ሥሩ አይያዝም። እንደ ሆርንሞርፎ ባለ የቃል መተንተኛ ሥሩን አስቀድሞ ማውጣት ነው የሚያዋጣው። ዋጋ ግን አለው። መተንተኛው ያጠፋው ሁሉ ወደ ቬክተሩ ይገባል፤ ቅጥያውን ስትጥሉም ሰዋስዉን አብራችሁ ትጥላላችሁ።

ለሥነ ልሳን ሰው ይበልጥ የሚያሳስበው ግን ሌላ ነው። «መጣ» እና «አልመጣም» ሲቀራረቡ ደስ ይለናል፤ ሞዴሉ ዝምድናቸውን አወቀ እንላለን። ነገር ግን አንዱ የሌላው አሉታ ነው። እንግሊዝኛ አሉታውን በተለየ ቃል ሲያስቀምጥ እኛ ቃሉ ውስጥ እንከተዋለን። ቁራጭ ማጋራቱ በተሳካ ቁጥር እውነትና ሐሰትን የሚለየው ነገር እየደበዘዘ ይሄዳል።

ሦስተኛው አማራጭ፦ አውዳዊ ቬክተር

ቋሚ ቬክተር ለአንድ አጻጻፍ አንድ ቬክተር ብቻ ይሰጣል። «ገና» ላይ ምን እንደሚፈጠር እንይ። ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ ነው። ላልቶ ሲነበብ «ገና አልመጣም» እንደምንለው ነው። ጽሑፋችን ጥብቀትን ስለማያሳይ ሁለቱ በአንድ ቬክተር ተጠቃለው ይቀመጣሉ። በዜና ጽሑፍ ውስጥ ላልቶ የሚነበበው በብዙ እጥፍ ከበለጠ በዓሉ ከነጭራሹ ይዋጣል። «አለ» ደግሞ ይብሳል፤ መናገርና መኖር አንድ ላይ። ተናጋሪው የሚለያቸውን ሁለት ቃላት ቬክተሩ አማካይ አድርጎ ያቀርብልናል። አማካዩ የማንኛቸውም ትርጉም አይደለም።

በ2018 የመጣው በርትና ተከታዮቹ ለእያንዳንዱ አገባብ የየራሱን ቬክተር ይሰጣሉ። «የገና ዋዜማ» ውስጥ ያለው «ገና» እና «ገና ልጅ ነው» ውስጥ ያለው «ገና» የተለያየ ቦታ ይይዛሉ። ከአጻጻፍ አንድነት ለሚመጣ ችግር ከዚህ የተሻለ መፍትሔ አላውቅም።

ከመጀመራችሁ በፊት ግን ሞዴሉ አማርኛ ማወቁን አረጋግጡ። የመጀመሪያው ባለብዙ ቋንቋ በርት በ104 ቋንቋዎች ሠልጥኗል፣ አማርኛ ግን የለበትም። ፊደላችንም በቃላት ዝርዝሩ ውስጥ ስለሌለ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ስትሰጡት ቃላቱን `[UNK]` ወደሚል ምልክት ይለውጣቸዋል። የሚያስከፋው ስህተት ብሎ አለመቆሙ ነው። ቬክተር ያወጣል፣ ግራፍም ይሳልላችኋል። አንድ ዓረፍተ ነገር ከፋፍሎ እንዲያሳያችሁ አድርጉ፤ `[UNK]` ካያችሁ ተዉት። በ2019 የወጣው `XLM-R` አማርኛን ይዟል፤ ከዚያ መነሣት ይቻላል።

በንድፈ ሐሳብ በኩል ይህ አማራጭ አንድ ጥያቄ ፈትቶ ሌላ ይከፍታል። ለ«ገና» አንድ ሺህ አገባብ ብታስገቡ አንድ ሺህ ቬክተር ይወጣል። የቃሉ ፍቺ ስንት ነው? ሞዴሉ አይነግራችሁም። ቬክተሮቹን በቡድን መመደብ አለባችሁ፣ የቡድኖቹን ብዛት ወይም የሚለያዩበትን ርቀት የምትወስኑትም እናንተ ናችሁ። «ገና» በሁለት ቡድን ጥርት ብሎ ሊወጣ ይችላል። «ያዘ» የሚለውን ግን ሞክሩት፦ ሌባ ያዘ፣ ሥራ ያዘ፣ ጉንፋን ያዘው፣ ቀጠሮ ያዘ፣ ነገር ያዘበት። ሦስት ፍቺ ነው ወይስ አሥር? መዝገበ ቃላት አዘጋጆችም በዚህ አይስማሙም። አንዳንዶች ድንበር አለመኖሩን እንደ ጥንካሬ ያዩታል፤ ፍቺ በእርግጥም ድንበር የለውም ይላሉ። እኔም ወደዚህ አደላለሁ። ቡድኖቹን ግን «የተገኙ ፍቺዎች» ብሎ መጥራት አይገባም። የመረጣችሁት ቁጥር ውጤት ናቸው።

ትችቱ፦ ቬክተር የማይደርስበት

ሦስቱም አማራጮች የሚጋሩት እክል አለ። ከሁሉ ቀድሞ የሚታየው ተቃራኒ ቃላት ላይ ነው። «ውሃው ሙቅ ነው»፣ «ውሃው ቀዝቃዛ ነው»። «ሙቅ አየር»፣ «ቀዝቃዛ አየር»። ሁለቱ ቃላት አንድ ቦታ ይገባሉ፣ ስለዚህ ቬክተሮቻቸው ይቀራረባሉ። ተመሳሳይ ቃላት ለማሰባሰብ የተነሣ ሰው «ሙቅ» ሲፈልግ «ቀዝቃዛ» ከአናት ቢመጣለት አይገረም። መለያው የሚገኘው አብረው በሚመጡበት ጊዜ ነው። ዴካንግ ሊንና ባልደረቦቹ በ2003 እንዳሳዩት ተቃራኒዎች በተወሰኑ ቅርጾች ጎን ለጎን ይመጣሉ። በአማርኛ «ሙቅ ሳይሆን ቀዝቃዛ»፣ «ከድህነት ወደ ሀብት»፣ «ቀኝ ወይም ግራ» ልንል እንችላለን። ከቬክተሩ የወጡትን ጥንዶች በእነዚህ ቅርጾች ክምችቱ ውስጥ ፈልጓቸው። የተገኙትን ለይታችሁ በዓይን እዩዋቸው።

ከዚህ ጋር የሚሄደው የአቅጣጫ ጉዳይ ነው። ላም ሁሉ እንስሳ ነው፣ እንስሳ ሁሉ ግን ላም አይደለም። በቬክተሮች መካከል የሚለካው የማዕዘን ርቀት አቅጣጫ የለውም። «ላም» ከ«እንስሳ» የሚርቀውን ያህል «እንስሳ» ከ«ላም» ይርቃል። አንዱ ከሌላው ይከተላል የሚለው የትርጉም እምብርት በዚህ መለኪያ አይታይም።

ዓረፍተ ነገር ላይ ስንደርስ ይብሳል። «ውሻው ልጁን ነከሰው» እና «ልጁ ውሻውን ነከሰው» የሚሉትን ውሰዱ። ቅጥያዎቹን ጥላችሁ የቃላቱን ቋሚ ቬክተሮች ብትደምሩ ሁለቱ አንድ ድምር ይሰጣሉ። ማን ማንን እንደነከሰ የያዘችው «ን» ናት፣ እሷን ደግሞ ስናጸዳ ጥለናታል። ማርኮ ባሮኒና ሮቤርቶ ዛምፓሬሊ በ2010 ቅጽልን እንደ ቬክተር ሳይሆን ስምን የሚለውጥ ማትሪክስ አድርገው ሞክረዋል። በጎ ጅምር ነው። «ሁሉም»፣ «ማንም»፣ «ብቻ» የሚሉ ቃላት ግን አሁንም ያስቸግራሉ። እነሱ የትም ይገባሉ፣ ጎረቤቶቻቸው ስለ እነሱ ብዙ አይናገሩም።

አራተኛው አማራጭ፣ የሎጂክ ሥነ ፍቺ፣ ጥያቄውን የሚጀምረው እዚህ ነው። ዓረፍተ ነገሩ እውነት እንዲሆን ዓለም ምን መምሰል አለበት? ፈላስፋው ዴቪድ ሉዊስ በ1970 የቋንቋን ቃላት ወደ ሌላ የምልክት ቋንቋ የሚለውጡትን ንድፈ ሐሳቦች ተችቷል። ትርጉሙን ሳናውቅም ቅየራውን ማወቅ እንችላለን አለ። የእውነት ሁኔታን ያልነካ ሥነ ፍቺ ሥነ ፍቺ አይደለም እስከማለት ደርሷል። እሱ ስለ ቬክተር አልጻፈም፤ ትችቱ ግን ልክ እዚህ ይሠራል። «ላም» ወደ ሦስት መቶ ቁጥር ስትቀየር ቁጥሮቹስ ምን ማለት ናቸው?

ኤሚሊ ቤንደርና አሌክሳንደር ኮለር በ2020 ይህን በአንድ ተረት አስረዱ። በሁለት ደሴት የሚኖሩ ሰዎች በባሕር ሥር በተዘረጋ ገመድ ይጻጻፋሉ። አንድ ብልህ ኦክቶፐስ ገመዱን ጠልፎ ምልክቶቹን ያጠናል። ከጊዜ በኋላ በአንዱ ሰው ቦታ ሆኖ መልስ መስጠት ይችላል። አንድ ቀን በሌላው ደሴት ያለው ሰው ድብ መጣብኝ፣ እንጨት ይዣለሁ፣ እንዴት ልከላከል ብሎ ይጽፋል። ኦክቶፐሱ ድብም እንጨትም አይቶ አያውቅም። ቃላቱን ያውቃል፣ ቃላቱ የሚጠቁሙትን አያውቅም።

ትችቱ ከባድ ነው፣ ግን ሁሉን አይጨርስም። ባርባራ ላንዳውና ሊላ ግላይትማን በ1985 ባሳተሙት ጥናት የተከታተሏት አንዲት ዓይነ ስውር ሕፃን «ተመልከቺ» እና «አየች» የሚሉትን ግሦች በደንብ ትለይ ነበር። «ወደ ላይ ተመልከቺ» ስትባል እጆቿን ወደ ላይ ታነሣለች። ስለ ማየት ያወቀችው ብዙ ነገር በቋንቋ በኩል የመጣ ነው፤ አጥኚዎቹ ግሡ የሚገባበት የዓረፍተ ነገር ቅርጽ ትልቅ ድርሻ እንዳለው ተከራክረዋል። እንግዲህ የቃል አካባቢ ብዙ ያስተምራል። ሕፃኗ ግን እጆች ነበሯት። «ተመልከቺ» የሚለውን ከምትዳስሰው ነገር ጋር አገናኝታዋለች። ከላይ ለዘብተኛውን መልክ እይዛለሁ ያልኩት ለዚህ ነው። አካባቢው ስለ ትርጉም ብዙ ይመሰክራል፣ ብቻውን ግን ትርጉም አይሆንም።

ሌላም ክፍተት አለ። ሰው ግልጽ የሆነውን ነገር አይጽፍም። ሙዝ ቢጫ መሆኑን የሚጽፍ ጥቂት ነው፤ ያልበሰለ ሙዝ ሲያይ ግን አረንጓዴነቱን ይጽፋል። ከጽሑፍ ብቻ የተማረ ሞዴል የዓለምን ሳይሆን የወሬን ድግግሞሽ ይማራል።

እንግዲህ የቱን?

ለመዝገበ ቃላት የቃል ጥንዶች የምታሰባስቡ ከሆነ፣ ጠባብ መስኮት ያለው ቆጠራ ወይም ቋሚ ቬክተር ውሰዱ፣ የተቃራኒዎቹን ማጣሪያ ጨምሩበት። ለፍለጋ ከሆነ ሰፋ ያለ መስኮትና ፋስትቴክስት በ`-minn 2`። «ቡና» የጻፈ ሰው የ«ጀበና» ጽሑፍ ቢመጣለት አይከፋም። አንድ ቃል በተለያየ አገባብ የሚይዛቸውን ፍቺዎች የምታጠኑ ከሆነ፣ ወይም «ገና» እና «አለ» ዓይነት ቃላት ከበዙ፣ አውዳዊው ነው የሚያዋጣችሁ። አሉታን፣ «ሁሉም» እና «ማንም» የሚሉትን፣ ወይም አንዱ ዓረፍተ ነገር ከሌላው ይከተላል አይከተልም የሚለውን የምታጠኑ ከሆነ ወደ ሎጂክ ሂዱ። ቀርፋፋ ነው፣ በእጅ የሚሠራ ነው፣ ሺህ ቃል አይሸፍንም። ለዚያ ጥያቄ መልስ ያለው ግን እሱ ነው። ቬክተርንና ሎጂክን አጣምሮ መሥራትም ይቻላል፤ የይዘት ቃላትን በቬክተር፣ የሰዋስው ቃላትን በሎጂክ። ለመመረቂያ ጽሑፍ ግን ብዙ ጊዜ ከአቅም በላይ ነው።

የቱንም ብትመርጡ፣ ውጤት ከመጻፋችሁ በፊት ሁለት ፍተሻ አድርጉ። መጀመሪያ የራሳችሁን ትንሽ ዝርዝር አዘጋጁ፤ ስልሳ ወይም መቶ የአማርኛ ጥንዶች ይበቃሉ። ከተመሳሳይ፣ ከተቃራኒ፣ ከተዛማጅና ከማይገናኙ ተመጣጣኝ ቁጥር ያስገቡ። ከእንግሊዝኛ ዝርዝር ተርጉማችሁ አትውሰዱ። ሦስት ተናጋሪዎች ለየብቻ ደረጃ ይስጡ፣ የሦስቱንም አለመስማማት መዝግቡ። ሰዎቹ ራሳቸው ካልተስማሙ ሞዴሉን በዚያ ጥንድ መክሰስ አይቻልም። ነጥቡንም በየቡድኑ ለዩት። ተቃራኒዎቹ ከተመሳሳዮቹ እኩል ነጥብ ካገኙ ያ በጠቅላላ አማካይ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል።

ሁለተኛው ፍተሻ የሠለጠኑ ቬክተሮችን ይመለከታል። ሥልጠናው በዘፈቀደ ቁጥሮች ስለሚጀምር በአነስተኛ ክምችት ላይ በየጊዜው የተለያዩ ጎረቤቶች ሊያወጣ ይችላል። ያንኑ ጽሑፍ አምስት ጊዜ አሠልጥኑ። የምታጠኗቸውን ቃላት የመጀመሪያ አሥር ጎረቤቶች ከአምስቱም አውጡና አስተያዩ። በአምስቱም የሚደጋገሙት ስለ ቋንቋው ይናገራሉ። አንድ ጊዜ ብቅ ብለው የጠፉትን በጽሑፋችሁ ውስጥ እንደ ማስረጃ አታስገቧቸው። ከአሥሩ ሁለት ሦስቱ ብቻ የሚጸኑ ከሆነ ክምችታችሁ ለዚያ ቃል ትንሽ ነው ማለት ነው፤ ወይ ጽሑፍ ጨምሩ፣ ወይ ወደ ቆጠራው ተመለሱና አገባቦቹን አንድ በአንድ አንብቡ።